ከ«እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሳችሁ» ሥር ያለችውን ዋጋ እንዴት እናንብብ?

ጾሙ ሲገባ የሱቆች ፖስት ይመሳሰላል። ከላይ «እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ» ይላል፣ ከሥር ዘይት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ከዚያ «ታላቅ ቅናሽ»። ሰላምታውን በደስታ ተቀብለናል፤ አሁን ወደ ዋጋው እንግባ። 55 ቀን ቅቤ ስለማይነካ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚያልቀው ዘይት ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እሱ ላይ ነው።

ዘይት ከውሃ ይቀላል። የአንድ ሊትር ዘይት ክብደት ወደ 920 ግራም ነው። ስለዚህ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሚዛን ላይ ስታወጡት የጀሪካኑን ክብደት ቀንሳችሁ 4 ኪሎ ከ600 ግራም አካባቢ ቢመጣ ትክክል ነው፤ «ጎደለ» ብላችሁ ከባለሱቁ ጋር አትጣሉ። ከዚያ በጣም ካነሰ ግን ጠይቁ።

አንዱ ሱቅ በሊትር፣ ሌላው በኪሎ ሲለጥፍስ? ለስሌት ያህል ብቻ፣ ሲቀላ ያለ ሱቅ «5 ሊትር 1,500 ብር» አለ እንበል። ሴቻ ያለው ደግሞ «5 ኪሎ 1,560 ብር» አለ። ሲታይ የሲቀላው ይረክሳል። ግን 5 ኪሎ ዘይት ወደ 5.4 ሊትር ነው፤ ስለዚህ የሴቻው ሊትሩ 287 ብር ገደማ ሲመጣ የሲቀላው 300 ነው። የሴቻው ይሻላል ማለት ነው፣ የባጃጁ ሒሳብ ልዩነቱን ካልበላው።

ሌላው የሚያደናግረው መርጋቱ ነው። የፓልም ዘይት እዚህ ቆላው ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፣ ጨንቻ ላሉ ቤተሰቦች ስትልኩት ግን በብርዱ ይደፈርሳል ወይም ይረጋል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ሞቅ ሲል ይመለሳል። የተበላሸውን የሚያጋልጠው ሽታው ነው፤ የቆየ ለውዝ ዓይነት ሽታና መረር ያለ ጣዕም ካለው መልሱት።

ሽሮ ላይ ደግሞ «በርካሽ» ሲባል ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ ሊሆን ይችላል፤ ጓያም ሊሆን ይችላል። ጓያ አልፎ አልፎ ቢበላ ብዙም አያሳስብም፣ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፤ የተጎዳው እግር ደግሞ አይመለስም። ተፈጭቶ በርበሬ ከገባበት በኋላ በዓይን አይለይም። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ እህሉን ገዝታችሁ አስፈጩ፤ የጓያ ፍሬ ጠርዝ ያለው፣ በመጥረቢያ የተቆረጠ ይመስላል፣ አተር ግን ድቡልቡል ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ፖስቱን ስክሪንሾት አድርጉት። ቅናሹ መቼ እንደሚያበቃ ካልተጻፈ ኮሜንት ላይ ጠይቁና መልሱንም አብራችሁ ያዙ። ሱቅ ሄዳችሁ «እሱ አልቋል፣ ይኼኛው ነው ያለው» ከተባላችሁ፣ ያለውን የሊትር ዋጋ እዚያው ስልካችሁ ላይ አካፍሉት።