«እንገደዳለን» ወይስ «ሰርዘናል»፦ በክፍያ መዘግየት ምክንያት የአገልግሎት ውል የሚሰረዝበት ደብዳቤ ቋንቋ

መነሻ

ደንበኛው ክፍያውን ደጋግሞ ሲያዘገይ ውሉን ለመሰረዝ የሚነሣ አገልግሎት ሰጪ በአንድ ደብዳቤ ሁለት ዓላማዎችን ማሳካት ይፈልጋል። በአንድ በኩል ውሉ ማብቃቱ ጥርጥር በማያስገባ ቃል እንዲነገር፣ በሌላ በኩል ደግሞ የቀረው ዕዳ የሚሰበሰብበትና ምናልባትም ወደፊት እንደገና አብሮ የሚሠራበት በር እንዳይዘጋ ይሻል። በአማርኛ የሥራ ደብዳቤ ልማድ እነዚህ ሁለት ዓላማዎች ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ። ጸሐፊው ጨዋ ለመሆን ሲል ውሳኔውን ያድበሰብሳል፤ ወይም ቁርጠኛ ለመሆን ሲል ተቀባዩን ይወቅሳል። ይህ ጽሑፍ ግጭቱ ከይዘት ይልቅ ከአጻጻፍ የሚመነጭ መሆኑን ያሳያል። ትሕትናና ቁርጠኝነት በደብዳቤው ውስጥ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ችግሩ የሚፈጠረው ቦታ ሲለዋወጡ ነው። ለማስረዳት የተመረጠው በሁለት የግል ድርጅቶች መካከል የተደረገ የጽዳት አገልግሎት ውል ነው፤ ምሳሌው ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ነው።

ሕጉ ከደብዳቤው የሚጠብቀው

የቃላት ምርጫው የሚመዘነው ደብዳቤው ሊያስገኝ ከሚገባው ሕጋዊ ውጤት አንጻር ስለሆነ፣ በቅድሚያ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ መመልከት ያስፈልጋል። በአንቀጽ 1772 መሠረት አንድ ተዋዋይ ሌላው ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ መከራከር የሚችለው በመሠረቱ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ነው። አንቀጽ 1773 ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ባለመብቱ እንዲፈጸምለት መፈለጉን በሚያሳይ በማናቸውም ሌላ ድርጊት ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ የመፈጸሚያው ጊዜ ሳይደርስ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም። በአንቀጽ 1774 ባለመብቱ በማስጠንቀቂያው ውስጥ ተገቢ የሆነ ጊዜ ወስኖ፣ ከዚያ በኋላ አፈጻጸሙን እንደማይቀበል ሊያስታውቅ ይችላል። ይህ ጊዜ ካለፈ አንቀጽ 1787 ውሉ መሰረዙን ራሱ እንዲያስታውቅ ይፈቅድለታል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጉዳይ ይነሣል። ሕጉ የሚጠቀምበት «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት አማርኛ የዛቻ ቃና አለው፤ ለሠራተኛ የሚሰጠውን የዲሲፕሊን ደብዳቤም ያስታውሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ጸሐፊዎች ቃሉን ሸሽተው «ማስታወሻ» ይሉታል። ቃሉን መሸሽ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ሕጉ የሚመለከተው ስሙን ሳይሆን ባለመብቱ የጠየቀውን ነገር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከቃሉ ጋር ይዘቱም ሲቀር፣ ማለትም የዕዳው መጠን፣ የመክፈያው የመጨረሻ ቀንና ቀኑ ቢያልፍ የሚከተለው ነገር ሳይጻፉ ሲቀሩ ነው።

ምሳሌው፦ ከማስታወሻ ወደ ማስጠንቀቂያ

ውሉ ከመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት የጸና ሲሆን የወር ክፍያው 80,000 ብር ነው። ደንበኛው የክፍያ መጠየቂያ በደረሰው በ15ኛው ቀን ድረስ እንዲከፍል ተስማምተዋል። የመስከረም ክፍያ ጥቅምት 15 መከፈል ሲገባው ኅዳር 7 ተከፈለ፤ 22 ቀን ዘገየ። የጥቅምት ክፍያ ኅዳር 15 መከፈል ሲገባው ታኅሣሥ 16 ተከፈለ፤ 31 ቀን ዘገየ። ታኅሣሥ 15 ሊከፈል የሚገባው የኅዳር ክፍያ ደግሞ እስከ ጥር 5 አልተከፈለም።

አገልግሎት ሰጪው በመጀመሪያው መዘግየት ወቅት ጥቅምት 25 ቀን የሚከተለውን ጽፎ ነበር፦ «ክፍያው በተቻለ ፍጥነት እንዲፈጸምልን በትሕትና እንጠይቃለን።» ይህ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ጊዜ መዘግየት ተስማሚ ነው። ውል ለመሰረዝ ግን መሠረት ሊሆን አይችልም፤ «በተቻለ ፍጥነት» የሚለው ሐረግ የመክፈያውን ቀን ለከፋዩ ፈቃድ ይተዋል። ተመሳሳይ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቢጻፍም ይህ አይለወጥም። እንዲያውም ገደብ የሌለው ማስታወሻ መደጋገሙና ዘግይቶ የመጣውን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ መቀበሉ፣ መዘግየቱ በዝምታ ተፈቅዶልኛል ለሚል ደንበኛ መከራከሪያ ይሆነዋል። አንቀጽ 1732 ውል በቅን ልቦና እንዲተረጐም ስለሚያዝ፣ በተዋዋዮቹ መካከል የቆየው አሠራር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ስለዚህ የጥር 5 ደብዳቤ አዲስ ሥራ አለው። «ጉዳዩ፦ የኅዳር 2016 ዓ.ም. ክፍያን ይመለከታል» ብሎ ይጀምርና እንዲህ ይቀጥላል፦ «የኅዳር ወር ክፍያ ብር 80,000 ታኅሣሥ 15 ቀን መከፈል የነበረበት ቢሆንም እስከ ዛሬ አልተከፈለም። የመስከረምና የጥቅምት ክፍያዎችም በቅደም ተከተል 22 እና 31 ቀን ዘግይተው መከፈላቸው ይታወቃል። ስለዚህ ክፍያው እስከ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዲፈጸም እንጠይቃለን። ይህ ቀን ካለፈ ክፍያውን ውሉን ለማስቀጠል የማንቀበል መሆኑንና ውሉን የምንሰርዝ መሆኑን እናስታውቃለን።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የወቀሳ ቃል የለም። «አልከፈላችሁም» በሚለው ምትክ «አልተከፈለም» ተብሏል፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰው ሳይሆን ክፍያው ነው። «ሆን ብላችሁ» ወይም «በንቀት» የሚል ቃል አልገባም። እንዲህ ያሉ ቃላት ደብዳቤውን የበለጠ የጠነከረ ቢያስመስሉትም፣ ጸሐፊው ሊያስረዳ የማይችለውን የሌላ ሰው ሐሳብ እንዲያስረዳ ሸክም ይጭኑበታል፤ ተቀባዩም ስለ ዕዳው ሳይሆን ስለ ክብሩ እንዲመልስ መንገድ ይከፍቱለታል። የቀኖቹ ቁጥር ግን መልስ የሚያገኘው በክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው።

የስረዛው ደብዳቤና ዋናው ግስ

ጥር 20 ያለ ክፍያ አለፈ እንበል። ጥር 21 የሚጻፈው ደብዳቤ ዕጣ ፈንታ በአንድ ግስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በተለመደው የቢሮ አማርኛ እዚህ ቦታ ላይ የሚገባው «ውሉን ለማቋረጥ የምንገደድ መሆኑን እንገልጻለን» የሚለው ነው። ሐረጉ ጨዋ ይመስላል፤ ውሳኔውን ከጸሐፊው ፈቃድ አውጥቶ ለሁኔታዎች ግፊት ይሰጠዋል። ነገር ግን «የምንገደድ» ገና ስላልተፈጸመ ነገር ይናገራል። ደንበኛው ይህን እንደ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ቢያነበው ሊፈረድበት አይችልም፤ የካቲት ላይ ገንዘቡን ይዞ ቢመጣም ውሉ አልተሰረዘም የሚል ክርክር ሊያነሣ ይችላል። «ለማቋረጥ ተገደናል» የተሻለ ቢሆንም መገደዱን እንጂ ማቋረጡን አይናገርም። በተጨማሪም «ማቋረጥ» ለጊዜው አገልግሎትን ማቆምንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ «መሰረዝ» የተባለው የሕጉ ቃል ይመረጣል። የሚፈለገው የተፈጸመ ድርጊት የሚናገር ግስ ነው፦

«በጥር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ የተሰጠው ጊዜ ክፍያው ሳይፈጸም ያለፈ በመሆኑ፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የተፈራረምነውን የጽዳት አገልግሎት ውል ከጥር 30 ቀን የሥራ ሰዓት ማብቂያ ጀምሮ ሰርዘናል።»

ወቀሳው በተገብሮ ግስ ሲለዝብ፣ ውሳኔው ግን በአድራጊ ግስ መነገሩን ልብ ይሏል። «ውሉ ተሰርዟል» ቢባል ማን እንደሰረዘው፣ በማን ሥልጣን እንደተሰረዘ ክፍት ይሆናል። ውሳኔን የሚወስድ ወገን በስሙ መናገሩ ጨዋነትን አይቀንስም።

ጨዋነቱ የሚገባው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ዙሪያ ነው። የመጀመሪያው ቦታ ለርክክብ የተሰጠው ጊዜ ነው፤ ዘጠኙ ቀናት ደንበኛው ሌላ አገልግሎት ሰጪ እንዲፈልግ ያስችሉታል። ሁለተኛው ቦታ የርክክቡ ዝርዝር ነው፦ ቁልፎች መቼና ለማን እንደሚመለሱ፣ ዕቃዎች በማን ፊት እንደሚቆጠሩ። ሦስተኛው የመዝጊያው ምስጋና ነው። «ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚለው የተለመደ መዝጊያ ገና የሚጠበቅ ነገር እንዳለ ስለሚያስመስል እዚህ ቦታ አይስማማም፤ «እስካሁን ለነበረን የሥራ ግንኙነት እናመሰግናለን» ግን ያለፈውን ያከብራል፣ ማብቃቱንም ያጸናል።

ዕዳውን በሚመለከት ሁለት ነገሮች ተለያይተው ይጻፋሉ። የኅዳሩ 80,000 ብር የስረዛው ምክንያት ነው። የታኅሣሥ ክፍያ ግን የመክፈያ ቀኑ ጥር 15 ስለሆነ በጥር 5ቱ ማስጠንቀቂያ አልተሸፈነም፤ ስለዚህ በስረዛው ምክንያት ውስጥ ሳይሆን በቀሪ ሒሳብ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ሁለቱን መደባለቅ ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰረዘብኝ ለሚል ተቃውሞ መግቢያ ይሰጣል። ወለድን በተመለከተ፣ ውሉ ሌላ ካልወሰነ በአንቀጽ 1751 እና 1803 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ ይታሰባል፤ በ80,000 ብር ላይ ይህ በቀን 19 ብር ከ73 ሳንቲም ያህል ነው። ይህን ቁጥር ያለ ምንም ቅጽል ማስቀመጥ «በጽኑ እናሳስባለን» ከሚለው ይልቅ ቁርጠኝነትን ያስረዳል።

በመጨረሻም አንድ ዓረፍተ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፦ «ከዚህ ደብዳቤ በኋላ የሚፈጸም ክፍያ ለቀሪው ዕዳ መክፈያ የሚያዝ ሲሆን የተሰረዘውን ውል አያድስም።» ይህ ካልተጻፈ፣ ደንበኛው ጥር 25 ቀን ሲከፍልና ድርጅቱ እስከ ጥር 30 አገልግሎቱን ሲቀጥል፣ ሁለቱ ወገኖች በድርጊታቸው ውሉን እንደቀጠሉት ሊቆጠር ይችላል።

ወሰኑ

ከላይ የቀረበው አካሄድ በግል ድርጅቶች መካከል ለሚደረግ ውል የሚያገለግል ነው። ውሉ ራሱ የስረዛ አንቀጽ ካለው በአንቀጽ 1786 መሠረት የሚቀድመው እዚያ የተጻፈው ሁኔታና ጊዜ ነው። ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ተብሎ ከተስማሙም አንቀጽ 1775 ያንን ይቀበላል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የተደረገ ውል በአስተዳደር ውሎች ድንጋጌዎች ሊመራ ስለሚችል በዚህ መንገድ ላይሰረዝ ይችላል፤ የሥራ ውልም የራሱ አዋጅ አለው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ደግሞ አንቀጽ 1785 ዳኛው የተዋዋዮቹን ጥቅምና ቅን ልቦናን እንዲመለከት፣ የተጣሰውም ግዴታ መሠረታዊ መሆኑን እንዲመረምር ያዝዛል። ለአገልግሎት ሰጪ ክፍያ መሠረታዊ ግዴታ መሆኑን ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ቅን ልቦናውን የሚያስረዱለት ግን በመዝገቡ የሚያያዙት ደብዳቤዎች ናቸው፤ ቀኑን፣ ገንዘቡንና ውሳኔውን በግልጽ ጽፎ ከስድብ የተቆጠበ ደብዳቤ ዳኛው ፊት ሲነበብ ተጨማሪ ማብራሪያ አይፈልግም።