ተረስቶ በውስጥ ስለሚቀር ጨርቅና ስለሚያመጣው ግማት

ከወር አበባ በኋላ በሴት ልጅ ላይ የሚሰማ ክፉ ሽታ በብዙ ቦታ እንደ ነውር ወይም እንደ ርግማን ይቈጠራል። ነገር ግን ምክንያቱ ተረስታ የቀረች አንዲት ቍራጭ ጨርቅ የምትሆንበት ጊዜ አለ። በውስጥ ልብስ ላይ የሚነጠፈው ሞዴስ ወደ ውስጥ ገብቶ አይጠፋም፤ ሳይለወጥ ቢቈይ ቢሸት እንኳ፥ ሲለወጥና ገላ ሲታጠብ ሽታው ይጠፋል። ተረስቶ የሚቀረው ታምፖን የሚባለው የተጠቀለለ ጥጥ ወይም በእርሱ ምትክ ወደ ውስጥ የገባ ጨርቅ ነው።

ለምሳሌ አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ በዳንግላ ቤት ተከራይታ ትማራለች እንበል። ወደ ቤተ ሰቧ ስትሄድ መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነ፥ ደሙ እንዳይታይባት ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ውስጥ አገባች፤ በማግሥቱም የወደቀ መስሏት ረሳችው። ከሳምንት በኋላ እንደ በሰበሰ ሥጋ የሚሸት ቡናማ ፈሳሽ መጣባት። ብትታጠብም ሽታው ወዲያው ይመለሳል። ጓደኞቿ ሸሹአት፤ አንዳንዶችም ፅንስ አስወረደች ብለው አሙአት፤ እርስዋም ትምህርቷን ተወች።

የሽታው ምክንያት ይህ ነው። ደም የጠጣ ጨርቅ ሙቀት ባለበትና አየር በማይገባበት ስፍራ ሲቈይ፥ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበዙበትና ያበሰብሱታል። ጨርቁ ወደ ሆድ ይሄዳል ብሎ መፍራት ግን አይገባም፤ የማኅፀን አፍ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ አያሳልፈውም።

ልጅቱ እጅዋን በሳሙና ታጥባ፥ ጥፍርዋን ቈርጣ፥ ቍጢጥ ትበል። ወደ ታች እያማጠች አንድ ወይም ሁለት ጣት አግብታ ዙሪያውን በቀስታ ትፈልግ፤ ስታገኘውም ቀስ ብላ ትሳበው። በእንጨት ወይም በወረንጦ መፈለግ ያቈስላል፤ ውሃ ወይም መድኃኒት ወደ ውስጥ ማፍሰስም ይጐዳል። ካልደረሰችበት ወይም ተቈርጦ የቀረ ከመሰላት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ በዚያ ባለሙያው በመሣሪያ አይቶ በጥቂት ደቂቃ ያወጣዋል። ከወጣ በኋላ ሽታው ባንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜም ሌላ መድኃኒት አያስፈልግም።

ነገር ግን ብርቱ ትኵሳት፥ ትውከት፥ ራስን መሳት፥ በፀሐይ እንደ ተቃጠለ ያለ የቆዳ መቅላት ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ከታየ፥ የተሕዋስያኑ መርዝ ወደ ደም ገብቶ ሊሆን ይችላልና ጨርቁ ቢወጣም በዚያው ሰዓት ወደ ዳንግላ ወይም ወደ እንጅባራ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። በ1980 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ ብዙ ሴቶች በዚህ ሕመም ተይዘው አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ታምፖን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቈይ ይመከራል።

ምንም ጨርቅ ሳይገኝ ሽታው ከጸና ሌላ በሽታ ስለሚሆን መመርመር ያስፈልጋል። ይልቁንም የወር አበባዋ በቆመባት ሴት ላይ ከታየ የማኅፀን አፍ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል መዘግየት አይገባም። በሕፃን ልጅ ላይ ከታየም በቤት በጣት መፈለግ አይገባም፤ ወደ ሐኪም ትወሰድ።

መምህሩ ወይም ሽማግሌው እንዲህ ያለ ሽታ ሲሰማ በሰው ፊት ሳይጠይቅ፥ በሴት መምህርት ወይም በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ልጅቱን ለብቻዋ ያስጠይቃት።