መብራት ሲሄድ ትእዛዙ የት ይቀራል?

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ቢሄድ ዓለም አቀፉ የወርቅ ገበያ አይሰማም። ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ገዢና ሻጭ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የሚቆመው ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሰው ሳይነካው የሚገዛና የሚሸጥ ሮቦት ከተጫነ ደግሞ፣ በጀመረው ግብይት መሃል እሱም አብሮ ይጠፋል።

የግብይት ሮቦት የሚባለው ነገር በመሠረቱ አጭር ፕሮግራም ነው። ዋጋውን ይከታተላል፣ ባለቤቱ የሰጠው ሕግ ሲሟላ ለብሮከሩ የግዢ ወይም የሽያጭ ትእዛዝ ይልካል። በፎሬክስና በወርቅ ንግድ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች ይህን የሚያደርጉት በሜታትሬደር 5 ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ እንጂ ብሮከሩ ዘንድ አይደለም። ጀማሪዎችን ብዙ ዋጋ የሚያስከፍላቸውም ይህ ልዩነት ነው፤ መብራት ሲሄድ የትኛው ትእዛዝ እንደሚተርፍና የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነው እሱ ነውና።

ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ዋጋው እዚህ ከደረሰ ኪሳራው ይቁም የሚለው ትእዛዝ፣ አንዴ ከተላከ በኋላ ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ይሠራል። ዋጋው በጥቅም አቅጣጫ ሲሄድ ስቶፕ ሎሱን ከኋላው እየጎተተ የሚያስጠጋው ትሬይሊንግ ስቶፕ ግን በሜታትሬደር ውስጥ የሚሠራው ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ስቶፑ በመጨረሻ የነበረበት ቦታ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው የለም።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሮቦቱ 0.1 ሎት፣ ማለትም 10 አውንስ ወርቅ፣ በ2,400 ዶላር ገዛ እንበል። ስቶፕ ሎሱን 2,385 ላይ አደረገ፤ ስለዚህ ሊያጣ የሚችለው 150 ዶላር ነው። ትሬይሊንግ ስቶፑ ደግሞ በ10 ዶላር ርቀት ዋጋውን እንዲከተል ተሞልቷል። ዋጋው 2,405 ሲደርስ መብራት ሄደ። ዋጋው ከመግዣው ገና 10 ዶላር ስላልራቀ ትሬይሊንግ ስቶፑ መጎተት አልጀመረም። በጨለማው ሰዓት ወርቅ እስከ 2,425 ወጣና ተመልሶ ወደ 2,380 ወረደ። ኮምፒውተሩ በርቶ ቢሆን ስቶፑ 2,415 ላይ ደርሶ ስለነበር ሲወርድ 150 ዶላር ትርፍ ይዞ ይወጣ ነበር። ጠፍቶ ስለነበር ግን ብሮከሩ የሚያውቀው የድሮውን 2,385 ብቻ ነው፤ በዚያ ዘጋና 150 ዶላር ተቆረጠ። ሕጉ ያው፣ ገበያው ያው፣ ልዩነቱ ግን 300 ዶላር።

ከዚህ የከፋም አለ። አንዳንድ ሮቦቶች ስቶፕ ሎሱን ለብሮከሩ ሳይልኩ በራሳቸው ማስታወሻ ብቻ ይይዙታል፤ ዋጋው ሲደርስ እኔው እዘጋዋለሁ ነው ነገሩ። እንዲህ ዓይነቱ ሮቦት ሲጠፋ ኪሳራውን የሚገታ ምንም ነገር የለም።

ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪ አለው የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ባትሪው ላፕቶፑን ያቆየዋል፣ የዋይፋይ ራውተሩን ግን አያቆየውም። ለራውተሩም ባትሪ ቢገዛለት፣ መብራቱ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሄድ የአካባቢው የሞባይል ማማ ባትሪ በተራው ሊያልቅ ይችላል። በ2023 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መብራት በቀን ውስጥ ደጋግሞ በወረፋ ሲቆረጥ፣ የማማዎቹ ባትሪዎች እስኪሞሉ ጊዜ እያጡ ኔትወርኩም አብሮ ይዳከም ነበር።

ደካማ ኢንተርኔት ከመብራት መጥፋት የተለየ ጠባይ አለው፤ ስህተቱ ቶሎ አይታይም። ሮቦቱ የግዢ ትእዛዝ ይልካል፣ ትእዛዙ ብሮከሩ ዘንድ ይደርሳል፣ ግን ‹ተቀብያለሁ› የሚለው መልስ ሲመለስ መስመሩ ይቋረጣል። ሮቦቱ አልተሳካም ብሎ በድጋሚ ይልካል፤ በአንዱ ፈንታ ሁለት ግዢ ይከፈታል። ይህ መድረሱ የሚታወቀው በሜታትሬደር ታችኛ ክፍል Journal በሚለው ገጽ ላይ ግንኙነት ጠፋ፣ ተመለሰ የሚሉ መስመሮች ከግዢው ሰዓት ጋር ገጥመው ሲገኙ ነው። መድኃኒቱም ከማንኛውም አዲስ ትእዛዝ በፊት ሮቦቱ በሒሳቡ ላይ በእርግጥ የተከፈተ ነገር እንዳለ ብሮከሩን እንዲጠይቅ አድርጎ መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ሮቦት ለትእዛዞቹ የሚለጥፈው መለያ ቁጥር ስላለ የራሱን ከሌላው ይለያል።

ክላውድ ሰርቨር የሚከራየው ይህን ሁሉ ችግር ከቤት ለማውጣት ነው። ሰርቨሩ ሌላ አገር ባለ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚበራ ኮምፒውተር ነው፤ ተከራዩ ዊንዶውስ ያለበትን አነስተኛ ክፍል በወር ይይዛል፣ ሜታትሬደሩን እዚያ ይጭናል፣ ሮቦቱን እዚያ ያስነሳል። ለአንድ ሮቦት 2 ጊጋባይት ሜሞሪ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቦታውን መምረጥ ይሻላል፤ ብዙ የፎሬክስ ብሮከሮች ሰርቨሮቻቸውን ለንደንና ኒውዮርክ አካባቢ ስለሚያስቀምጡ እዚያው ከተማ መከራየት መንገዱን ያሳጥራል። ሆኖም በሰዓት አንዴ ለሚወስን ሮቦት የሚሊ ሰከንድ ፍጥነት ትርጉም የለውም። ሰርቨሩ የሚከፈልበት ስለማይቋረጥ ነው።

ከዚህ በኋላ የቤቱ ኮምፒውተር መስኮት ብቻ ይሆናል። ባለቤቱ በዊንዶውስ የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም ገብቶ ያያል፣ ይወጣል። ኢንተርኔቱ ሲያይ ቢቋረጥበት የጠፋው ምስሉ ነው፤ ሮቦቱ ሥራውን አላቆመም። ብዙዎች የሚሳሳቱት አወጣጡ ላይ ነው። መስኮቱን በX መዝጋት ወይም Disconnect ማለት ፕሮግራሞቹን እንደተከፈቱ ይተዋቸዋል። Sign out ማለት ግን ሜታትሬደሩን ጨምሮ የተከፈተውን ሁሉ ይዘጋል። ቤት የለመደ ሰው ሥራውን ጨርሶ በጨዋ ደንብ Sign out ይልና ሮቦቱን በገዛ እጁ አጥፍቶ ይተኛል።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ የተጻፈ አንድ ሮቦት ከ11:00 እስከ 19:00 ብቻ እንዲሠራ ታዟል እንበል፤ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው፣ የለንደን ገበያ የሚሟሟቅበት። ሮቦቱ ሰዓቱን የሚያነበው TimeLocal() በሚለው ትእዛዝ፣ ማለትም ከተጫነበት ኮምፒውተር ከሆነ፣ ዓለም አቀፉን ሰዓት በሚከተል ሰርቨር ላይ ሲጫን ነገሩ 3 ሰዓት ይገፋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምርና እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይነግዳል። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ውጤቱ ብቻ ከቤቱ ጊዜ ይለያል። TimeCurrent() ግን የብሮከሩን ሰዓት ስለሚያነብ ሮቦቱ የትም ቢዛወር አይለወጥም፤ ሕጉን ከመጀመሪያውም በዚያ ሰዓት መጻፍ ነው የሚበጀው።

ሲዛወር የቤቱን ማጥፋትም ግድ ነው። አንድ ሮቦት በሁለት ኮምፒውተር ላይ በአንድ ሒሳብ ከበራ ሁለቱም ይገዛሉ፤ መብራት በተመለሰ ቁጥር የቤቱ ኮምፒውተር በራሱ ተነስቶ ሜታትሬደርን የሚከፍት ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚሆነው ይኸው ነው።

ከሩቅ ለመከታተል የስልክ መተግበሪያው ጥሩ ነው፣ ግን የሚያሳየው ሒሳቡን እንጂ ሮቦቱ በሕይወት መኖሩን አይደለም። ስለዚህ የሚያውቁት ሰዎች ሮቦቱ በየሰዓቱ ‹አለሁ› የሚል አጭር መልእክት ወደ ስልክ እንዲልክ ያደርጋሉ፤ በMQL5 ቋንቋ SendNotification() የሚባለው ትእዛዝ ለዚህ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ዝምታው ነው፤ ገበያ በተከፈተበት ሁለት ሰዓት ያህል ካልመጣ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። በስልኩ ላይ ደግሞ ዋናውን የይለፍ ቃል ሳይሆን ማየት ብቻ የሚፈቅደውን የኢንቬስተር የይለፍ ቃል ማስገባት ይቻላል፤ ስልኩ ቢሰረቅ የሚነግድበት የለም።

ወጪው ሊታሰብበት ይገባል። 200 ዶላር ያለበት ሒሳብ በወር 15 ዶላር ለሰርቨር ቢከፍል፣ ሮቦቱ ኪራዩን ለመሸፈን ብቻ በየወሩ 7.5 በመቶ ማትረፍ አለበት። ይህ ለማንም ከባድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሴኪዩሪቲዎችና የገበያዎች ባለሥልጣን በ2018 ይፋ ባደረገው መረጃ፣ እንዲህ ባለው ንግድ ውስጥ ከሚገቡ የግለሰብ ሒሳቦች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ይከስራሉ። ሰርቨር የሚከስርን ሕግ አያተርፈውም፤ ያለማቋረጥ እንዲከስር ነው የሚያደርገው። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ገንዘብ ወደ ውጭ ብሮከር መላክ በብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ደንብ ሥር የሚወድቅ ጉዳይ ነው። ኪራዩም በዶላር ካርድ ስለሚከፈል፣ ካርዱ ላይ ገንዘብ ባለቀበት ወር ሰርቨሩ ይታገዳል፤ ያም ሌላ ዓይነት መብራት መጥፋት ነው።

ክላውዱም ራሱ ይቃጠላል፣ ቃል በቃል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. (ማርች 10, 2021) በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኝ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል እሳት ተነስቶበት አንዱ ሕንፃ ወደመ፤ ብዙ ድረ ገጾች በአንድ ሌሊት ጠፉ። ስለዚህ ሰርቨር የተከራየ ሰውም ስቶፕ ሎሱን ብሮከሩ ዘንድ ማስቀመጡን መተው የለበትም።

እውነተኛ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ይህ ሁሉ በዴሞ ሒሳብ ይፈተናል። ሮቦቱ በሰርቨሩ ላይ አንድ ግዢ ከፍቶ ሳለ፣ ባለቤቱ ከአከራዩ ድርጅት ገጽ ሰርቨሩን ድንገት አጥፍቶ ያስነሳዋል፤ ዊንዶውስ ሌሊት ራሱን አድሶ ሲነሳ የሚሆነውም ይኸው ነው። ከዚያ የሚታየው ሜታትሬደሩ ማንም ሳይገባ በራሱ ተከፍቶ እንደሆነ፣ Algo Trading የሚለው ቁልፍ አረንጓዴ እንደሆነና ሮቦቱ የተከፈተውን ግዢ አውቆት ሁለተኛ ሳይገዛ መቀጠሉ ነው። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ የሚወድቀው የመጀመሪያው ነው፤ ሜታትሬደሩ በዊንዶውስ Startup ማኅደር ውስጥ አልገባም፣ ወይም ሰርቨሩ ሲነሳ የይለፍ ቃል ጠብቆ ቆሟል። ሁለቱም በአሥር ደቂቃ የሚስተካከሉ ናቸው፤ ከተስተካከሉ በኋላ ሰርቨሩ እንደገና ይጠፋል፣ ፈተናው ከመጀመሪያው ይደገማል።