ስድስተኛዋ ድምፅ

ትዝታ ማይነርን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጆሮ፣ ዶሪያን የሚባለውን የምዕራባውያን ስልት ለመለየት ግማሽ መንገዱን ሄዷል። ኪቦርድ ያለው ሰው ይሞክረው፤ የሌለው ስልኩ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ይክፈት። ከሬ ተነስቶ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት እያለ ይመላለስ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይደግመው ትዝታ ቤቱ ይገባል። አሁን ሌሎቹን አራት ድምፆች ሳይነካ፣ ጥቁሯን ሲ ፍላት ትቶ ከጎኗ ያለችውን ነጯን ሲ ይጫወት። ትዝታው ወዲያው ይጠፋል። ዜማው ግን ደስተኛ አልሆነም፤ ፋ እዚያው ስላለች ማይነርነቱ አልለቀቀውም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ነው በጆሮ መያዝ ያለብን።

ሰባቱንም ድምፆች እንሙላ። የሬ ናቹራል ማይነር ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ ነው። የሬ ዶሪያን ደግሞ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ስድስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በስድስተኛዋ ብቻ ነው። በናቹራል ማይነር ስድስተኛዋ ከመነሻው 8 ግማሽ ድምፅ ትርቃለች፤ በዶሪያን 9። አንድ ቁልፍ ብቻ ናት የተቀየረችው። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ትሰማለች?

ምክንያቱ ጎረቤቶቿ ናቸው። ሲ ፍላት ከላ የምትርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። በዜማ ውስጥ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች ሲገናኙ አንዷ ወደ ሌላዋ ትሳባለች፤ ሲ ፍላትም ወደ ላ ትወድቃለች። የናቹራል ማይነር እንጉርጉሮ የሚመስለው ነገር በአብዛኛው ይህ መውደቅ ነው፤ በትዝታ ማይነርም ልብ የሚነካው ቦታ ይኸው ነው። ዶሪያን ላይ ግማሽ ድምፁ ቦታውን ይለውጣል። ሲ ከላ በሙሉ ድምፅ ርቃ ወደ ላይ ወዳለችው ዶ ትጠጋለች። ቁልቁል የሚጎትታት የለም። ማይነሩ እንዳለ ነው፤ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

ይህን ሲለማመዱ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። ዶሪያን ከሬ እስከ ሬ ያሉት ነጭ ቁልፎች ናቸው ተብለው፣ ቁልፎቹን በተራ እየተጫኑ ወጥተው ይወርዳሉ። የሚሰሙት ግን የዶ ሜጀርን ነው፤ ነጭ ቁልፎቹ የሁለቱም ስለሆኑ ጆሮ የለመደውን ዶን ቤቱ አድርጎ ይይዛል። መፍትሔው ቀላል ነው። በግራ እጅ ዝቅ ያለውን ሬ እና ላን አብሮ ተጭኖ አለመልቀቅ፣ በቀኝ እጅ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ ብሎ መውጣት፣ ከዚያ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ብሎ መድገም። ቤቱ ሬ መሆኑን የግራ እጅ ያለማቋረጥ እየነገረው፣ ጆሮ ልዩነቱን ሊያመልጥ አይችልም። አፍ ደግሞ ከጣት ይበልጣል፤ ሁለቱንም አብሮ ማንጎራጎር ድምፁን በውስጥ ያሳድረዋል።

ሁለተኛው መለያ ኮርድ ነው፤ ባንድ ሲጫወት ለሚያዳምጥ ሰው ከዜማው ይልቅ የሚቀለው ይኼኛው ነው። በአራተኛው ድምፅ፣ ማለትም በሶል ላይ የሚሠራው ኮርድ፣ ሲን በውስጡ ይይዛል። ናቹራል ማይነር ላይ ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ሬ ስለሆነ ማይነር ነው፤ ዶሪያን ላይ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ስለሆነ ሜጀር ነው። ሬ ማይነርና ሶል ሜጀር እየተቀያየሩ ሲመላለሱ ዶሪያን ለመሆኑ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ሳንታና በ1970 የተጫወተው የቲቶ ፑዌንቴ «ኦዬ ኮሞ ቫ» በሙሉ የቆመው በእንዲህ ያለ ምልልስ ላይ ነው፤ የሱ ቤት ላ ስለሆነ ላ ማይነርና ሬ ናቸው የሚመላለሱት።

ከሁሉ የምመርጠው ምሳሌ ግን የማይልስ ዴቪስ «ሶ ዋት» ነው፤ በ1959 በወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ሠላሳ ሁለት ባር ነው፤ 16ቱ በሬ ዶሪያን፣ ቀጣዮቹ 8 በግማሽ ድምፅ ከፍ ብለው በሚ ፍላት ዶሪያን፣ የመጨረሻዎቹ 8 ተመልሰው በሬ። ዜማውን የሚያወጣው ባስ ነው፤ ባሱ ባለ ቁጥር ሁለት ኮርዶች እንደ ተቀባይ ይመልሱለታል። የመጀመሪያው ኮርድ ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ሁለተኛው ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ላ። የላይኛዎቹን ብቻ እንስማ፤ ሲ፣ ከዚያ ላ። ያቺ ስድስተኛዋ ድምፅ እላይ፣ ሁሉም በሚሰማት ቦታ ተቀምጣለች፤ ወደ ላ ስትመጣም በግማሽ ድምፅ ሳትሳብ በሙሉ እርምጃ ረጋ ብላ ትወርዳለች። በኪቦርድ ላይ ያቺን አንዲት ሲ ወደ ሲ ፍላት ዝቅ አድርጎ ሁለቱን ኮርዶች መጫወት ነው፤ መልሱ ይጨልማል፣ ዘፈኑም ሌላ ዘፈን ይሆናል።

ሁለቱን ስድስተኛዎች በአንድ ቦታ ጎን ለጎን መስማት የሚፈልግ የቢትልስን «ኤሊነር ሪግቢ» ይክፈት፤ በ1966 የወጣ፣ በስምንት ባለ አውታር መሣሪያዎች የታጀበ ዘፈን ነው። ቤቱ ሚ ማይነር ስለሆነ ስድስተኛዋ በዶሪያን ዶ ሻርፕ፣ በናቹራል ማይነር ዶ ናት። በአዝማቹ ውስጥ ከአጃቢዎቹ አንዱ ድምፅ ሬ፣ ዶ ሻርፕ፣ ዶ፣ ሲ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ከሁለተኛዋ ወደ ሦስተኛዋ ድምፅ ሲያልፍ፣ ዶሪያን ወደ ናቹራል ማይነር ሲሻገር በጆሮ እየሰማን ነው።

«ከፍ ያለች ስድስተኛ» የሚለው አጠራር ዛሬ ናቹራል ማይነርን መለኪያ አድርገን ስለምንነሣ የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ስልቶች ሲቆጠሩ ዶሪያን አንደኛው ነበር፤ ዛሬ ናቹራል ማይነር የምንለው ኤኦሊያን በስም የተጨመረው በ1547 ግላሬአኑስ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ዘማሪዎቹ ግን ዜማው ሲፈቅድ ሲን ዝቅ እያደረጉ ይዘምሩ ነበር፤ ስለዚህ የሁለቱ ድንበር ያኔም እንደ ግንብ አጥር አልነበረም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሲ ከፍ ብላ ስትሰማ ሁሌ ዶሪያን ነው ማለት አይደለም። ሲ ብቻ ሳትሆን ቀጥላ የምትመጣው ዶም ወደ ዶ ሻርፕ ከፍ ካለች፣ ያ ሜሎዲክ ማይነር ነው። በዶሪያን ሰባተኛዋ ዝቅ እንዳለች ትቆያለች።

ስድስተኛዋ ጨርሶ የማትኖርበት ዜማም አለ፤ እኛ ቤት ባቲ ማይነር እንዲህ ነው። ከሬ ሲነሣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ይሆናል፤ ሲም የለችም፣ ሲ ፍላትም የለችም። ዜማው ብቻውን ሲንቆረቆር ከሁለቱ የማንም አይደለም። ኪቦርዲስቱ ከሥሩ ሶል ሜጀር ሲያስቀምጥ ዶሪያን ይሆናል፣ ሶል ማይነር ሲያስቀምጥ ናቹራል ማይነር። የሚቀጥለውን የባቲ ማይነር ዘፈን ስታዳምጡ ጆሯችሁን ዘፋኙ ላይ ብቻ አትጣሉት፤ አራተኛው ኮርድ ሲመጣ ሲ የትኛዋ እንደሆነች አድምጡ።