በነጻ የተገዛ ዕዳ

በአሜሪካ የኦፕሽን ገበያ አንድ የግዢ ውል በተወሰነ ዋጋ 100 አክሲዮን የመግዛት መብት ይሰጣል። አክሲዮኑ ዛሬ 100 ዶላር ያወጣል እንበል። ነጋዴው በ105 ዶላር የሚያስገዛ አንድ ውል በ300 ዶላር ይገዛል። ወጪውን ለመመለስ በ110 ዶላር የሚያስገዙ ሁለት ውሎችን በ150፣ በ150 ዶላር ይሸጣል። ከኪሱ ምንም አልወጣም። ሬሾ ስፕሬድ የሚባለው ይህ ነው።

ውሉ ሲያበቃ አክሲዮኑ 110 ላይ ቢገኝ 500 ዶላር ያተርፋል፤ ከ105 በታች ቢወርድም አይከስርም። አደጋው ያለው ወደ ላይ ነው። ከሸጣቸው ውሎች አንዱን የገዛው ይሸፍንለታል፤ ሁለተኛው ግን መሸፈኛ የለውም። ከ115 በላይ እያንዳንዷ የዶላር ጭማሪ 100 ዶላር ታስከፍለዋለች። 130 ላይ ኪሳራው 1,500 ዶላር ይደርሳል፤ ጣሪያም የለውም።

ጌምስቶፕ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በሁለት ሳምንት ገደማ ከ20 ዶላር ወደ 347 ዘሏል። እንዲህ ሲሆን ደላላው የውሉን ማብቂያ ሳይጠብቅ ተጨማሪ ማስያዣ ይጠይቃል፤ ካልተገኘ ውሉን በውድ ዋጋ ይዘጋዋል።

መድኃኒቱ በ120 የሚያስገዛ ሌላ ውል አስቀድሞ መጨመር ነው። ኪሳራው ያኔ ከ500 ዶላርና ከውሉ ዋጋ አያልፍም።