ፊትን መሸፈን ብቻውን አይበቃም
የምስክርነት ቪዲዮ ስንቀርጽ



ከተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ የሰዎችን የስደት ታሪክ በሞባይል መቅረጽ ስለጀመሩ፣ በዚህ እትም ስለ ምስክርነት ቪዲዮ እንነጋገራለን።

“እንደ ሰው በምድር ላይ” የሚባለውን ፊልም እናስታውስ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ዳግማዊ ይመር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሱዳንና በሊቢያ በኩል እ.ኤ.አ. በ2006 ጣልያን የደረሰ ስደተኛ ነው። ሮም ውስጥ ስደተኞች ቋንቋ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ቪዲዮ መሥራት ተማረ። ፊልሙም በ2008 ወጣ። ኢትዮጵያውያን በመንገድና በሊቢያ እስር ቤቶች ያዩትን፣ ያንኑ መንገድ ለተጓዘ ወገናቸው፣ በአማርኛ ይነግሩታል።

ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች ሲናገሩ መንገዱን ጨርሰው ሮም ገብተው ነበር። ያንኑ ታሪክ ካርቱም ተቀምጦ የሚናገር ሰው ግን ደላላውም ፖሊሱም ቅርቡ ናቸው። ስለዚህ ከካሜራው በፊት የሚጠየቀው “ይሄ ሰው አሁን የት ነው? ቪዲዮውን ማን ሊያየው ይችላል?” የሚለው ነው።

አንዲት እናት እናስብ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከመጀመሩ በፊት፣ ብዙ ሐበሾች በሚኖሩበት በካርቱም ዴም ሰፈር ቡና ትሸጥ ነበር። ደላላ ገንዘቧን እንዴት እንደወሰደባት ልትነግረን ፈቅዳለች።

ፈቃድ

ቀራጩ መምህር ወይም ራሽን አዳይ ከሆነ፣ እናቲቱ “እምቢ ብል ስሜን ይሰርዙት ይሆን?” ብላ ትፈራለች። ስለዚህ እምቢ ብትል ምንም እንደማይቀርባት አስቀድመን እንንገራት። ቪዲዮው የት እንደሚታይም በግልጽ እናስረዳት። ክፍል ውስጥ ብቻ መታየቱና ኢንተርኔት ላይ መውጣቱ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። “ደላላው ራሱ ቢያየው ምን ይደርስብሻል?” ብለን እንጠይቃት። አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ ልንመልሰው እንደማንችልም አንደብቃት።

ፈቃድ አንዴ ተጠይቆ አያበቃም። ከመቅረጻችን በፊት፣ ቀርጸን ስንጨርስ፣ ከዚያም ቆርጠን ያዘጋጀነውን ካሳየናት በኋላ እንደገና እንጠይቃለን። ሰው ሲናገር ሆዱ ይባባና ያላሰበውን ሊያወጣ ይችላል። አድራ ስታስበው “እሱን ተዉት” ካለች፣ ይወጣል።

ማንነትን መጠበቅ

ፊቷ እንዳይታይ ከፈለገች፣ ቀርጾ በኋላ ከማደብዘዝ መጀመሪያውኑ አለመቅረጽ ይሻላል። እጆቿንና ጀበናውን ብቻ መቅረጽ ይቻላል። በመስኮት ፊት ለፊት አስቀምጠን ጥላዋን ብቻ ከቀረጽን ግን፣ ፋይሉን በኮምፒውተር አብርተን እንፈትሸው። ፊቷ ብቅ ካለ መሸፈኛው አልሠራም ማለት ነው። ድምፅን ማቅጠን ወይም ማወፈርም አያስተማምንም፤ መልሶ ማስተካከል ይቻላል። የተሻለው ቃሏን ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ግን ወሬው ራሱ ነው። “ዴም ቡና እሸጥ ነበር” የምትል ብዙ ናት። “ከመስጊዱ ጎን፣ መንታ ልጆች ይዤ፣ በጥቅምት የወጣሁ” ስትል ግን አንዲት ሴት ብቻ ትቀራለች፤ ጎረቤት ወዲያው ያውቃታል። ስለዚህ ከሦስቱ ሁለቱን እናወጣለን። ከኋላ ልጇን በስም የሚጠራ ድምፅ እንዳለም እናዳምጥ። የሞባይሉ ካሜራ የተቀረጸበትን ቦታ ፋይሉ ውስጥ ሊመዘግብ ስለሚችል፣ ከመጀመራችን በፊት ሎኬሽኑን እናጥፋ። ስሟን በፋይሉ ላይ አንጻፍ፤ ቁጥር እንስጠውና ስሟን ሌላ ቦታ በተቆለፈ ደብተር እንያዝ።

በክብር መቁረጥ

እናቲቱ እንዲህ አለች እንበል፦ “ሌሎቹን ልጆች ወደ ደላላው የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ልጅሽን እንይዛታለን ብለው አስፈራርተውኝ ነው።” ቪዲዮው እንዲያጥር ብለን ሁለተኛውን ሐረግ ብንቆርጥ፣ የተገደደችው ሴት የደላላ ተባባሪ ሆና ትቀርባለች። አንዲት ቃል አልጨመርንም፤ ግን ዋሽተናል። ምክንያቱን ከድርጊቱ አንለይ፣ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ከሌላ ጥያቄ ጋር አንቀጥል። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ሲወጣ የሚያጋልጣት ከሆነ ደግሞ ሙሉውን እንተወው። ስታለቅስ ካሜራውን እናውርድ እንጂ ወደ ፊቷ አናስጠጋ፤ በእንባዋ ላይ ዘፈን አንጨምር።

ተዘጋጅቶ ሲያልቅ ከሰው ለይተን እናሳያት፤ ማንበብ ካልቻለች የተተረጎመውን ጽሑፍም እናንብብላት። ፈቃዷን ከነሳች ዋናውንም ቅጂውንም፣ ከሞባይሉም ከፍላሹም እናጥፋ። ስናጠፋም አጠገባችን ሆና ታየን።