ቋሚው ቁጥር የማይደርስበት መፍትሔ

ካሬ ወረቀት ላይ ሦስት ቀጥታ መስመሮች ይሠመሩ፦ y = x − 1፣ y = 2x − 4 እና y = 3x − 9። ሦስቱም የተገኙት y = cx − c² በሚለው ቀመር ውስጥ በ c ቦታ 1፣ 2 እና 3 በማስገባት ነው። ሌሎች ቁጥሮችም ገብተው መስመሮቹ እየበዙ ሲሄዱ ማንም ያልሣለው ጎባጣ ቅርጽ ከመካከላቸው ብቅ ይላል። እሱም y = x²/4 የተባለው ፓራቦላ ነው። የመጀመሪያው መስመር (2, 1) ላይ፣ ሁለተኛው (4, 4) ላይ፣ ሦስተኛው (6, 9) ላይ ነክተውት ያልፋሉ።

መስመሮቹም ፓራቦላውም የአንድ ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ መፍትሔዎች ናቸው። እኩልዮሹ y = xp − p² ሲሆን p በየነጥቡ ያለው ተዳፋት፣ ማለትም የ y ዴሪቬቲቭ ነው። ሲገለበጥ p² − xp + y = 0 ይሆናል፤ ይህ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ባለ ሁለት ዲግሪ ፖሊኖሚያል ነው። ነጥቡ (3, 2) ከሆነ p 1 ወይም 2 ይወጣል፤ ስለዚህ በዚያ ነጥብ ሁለት መስመሮች ያልፋሉ። (0, 1) ላይ ግን p² = −1 ስለሚሆን አንድም መስመር አይደርስበትም። (2, 1) ላይ ሁለቱ መልሶች ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። እንዲህ ያሉት የድንበር ነጥቦች x² − 4y = 0 በሚለው ላይ ይሰለፋሉ፤ ድንበሩ ያው ፓራቦላው ነው።

ፈረንሳዊው አሌክሲ ክሌሮ በ1734 ይህን ዓይነት እኩልዮሽ ሲያጠና የተጠቀመበት ብልሃት፣ የተሰጠውን እኩልዮሽ እንደገና ዴሪቬት ማድረግ ነበር። ውጤቱ (x − 2p)p′ = 0 ነው። p′ ዜሮ ከሆነ ተዳፋቱ አይለወጥም፤ መስመሮቹ ከዚህ ይወጣሉ። x = 2p ከሆነ ደግሞ ፓራቦላው ይገኛል። በጥድፊያ ሁለቱን ወገን ለ x − 2p ያካፈለ ሰው ፓራቦላውን ሳያውቅ ይጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ c ላይ የፈለገውን ቁጥር ቢያስገባ አያገኘውም። እንዲህ ያለውን መፍትሔ የሒሳብ ሰዎች ሲንጉላር ይሉታል። እንግሊዛዊው ብሩክ ቴይለር በ1715 አንዱን አግኝቶ ነበር፤ ከመስመሮቹ ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና አጥርቶ ያብራራው ግን ላግራንዥ ነው።

ድንበር ሁሉ ግን መፍትሔ አይደለም። p² = x − y ላይ ሁለቱ መልሶች የሚገናኙት በ y = x ነው። የዚህ መስመር ተዳፋት 1 ነው፤ ወደ እኩልዮሹ ሲመለስ 1 = 0 ይሰጣል፣ ስለዚህ ይወድቃል። ፓራቦላው ግን p = x/2 ሲገባ x²/2 − x²/4 = x²/4 ስለሚሆን ፈተናውን ያልፋል።

ፓራቦላው መኖሩ ሌላም ነገር ይለውጣል። በ y = x − 1 ላይ የሚጓዝ ነጥብ (2, 1) ሲደርስ በመስመሩ መቀጠል ይችላል፤ ወደ ፓራቦላው ታጥፎ እስከ (4, 4) ሄዶ በ y = 2x − 4 መውጣትም ይችላል። መታጠፊያዎቹ ላይ ተዳፋቱ ስለማይዘል እኩልዮሹ ሁለቱንም መንገዶች ይቀበላል፤ መነሻውን ማወቅ ብቻ መድረሻውን አይወስንም።